የመልቀቂያ ኢሜይልና የርክክብ ዕቅድ፦ ከሄድክ በኋላ ቀኑ የሚደርሰውን ጻፍ

ጥያቄ፦ «ደምበጫ አካባቢ በሚሠራ አነስተኛ የመስኖ ጠለፋ ፕሮጀክት ላይ ለአማካሪ ድርጅት ጁኒየር ሳይት ኢንጂነር ሆኜ ስሠራ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አሁን ባሕር ዳር የተሻለ ሥራ አግኝቻለሁ። ቲም ሊደሬ ያለው ደብረ ማርቆስ ስለሆነ በኢሜይል መልቀቂያ ልጠይቀው አስቤያለሁ። ግን ‹ክረምት ሳይገባ ሥራው ማለቅ አለበት፣ ተተኪ ሳይገኝ አትሄድም› ይለኛል ብዬ ፈራሁ። የርክክብ ዕቅድ አብሬ ልላክ ብልም ምን እንደሚጻፍበት አላውቅም። ሁለት ዓመት የሠራሁትን ሁሉ ልዘርዝር? ናሙና ቢኖር ደስ ይለኛል።»

ምላሽ፦ «ልጠይቀው» የሚለውን ቃል ተወው። ችግርህ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። እኛ ዘንድ «መልቀቂያ» ሁለት ነገር ነው፤ ሠራተኛው የሚያስገባውም ደብዳቤ፣ መሥሪያ ቤቱ በመጨረሻ የሚሰጠውም ወረቀት በዚያው ስም ይጠራል። በዚህ የተነሳ ብዙ ልጆች ደብዳቤያቸውን «ከሥራዬ እንድለቅ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» ብለው ይዘጋሉ። ያን የጻፈ ሰው ፈቃድ ጠይቋል፤ ፈቃድ የተጠየቀ አለቃ ደግሞ ዝም ማለትም፣ «ቆይ እስቲ» ማለትም ይችላል። አንተ የምትሰጠው ማስጠንቀቂያ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን በራሱ ፈቃድ ሊያቋርጥ እንደሚችል በአንቀጽ 31 ደንግጓል። ተተኪ መገኘቱ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። የክረምት መግባትም አይደለም።

ማስጠንቀቂያው ግን በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ሥራው የሚቋረጥበትንም ቀን መያዝ አለበት። ለአሠሪው ወይም ለወኪሉ መድረስ፣ ወይም ቢሮው መግባት ይኖርበታል። ቲም ሊደርህ አብሮህ የሚሠራ አለቃህ ነው እንጂ ድርጅቱን ወክሎ ደብዳቤ የሚቀበል ሰው ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ኢሜይሉን ለእሱ ጻፈው፣ ለሰው ኃይል አስተዳደር ግልባጭ አድርግ፣ ያንኑ ጽሑፍ በሁለት ቅጂ አትመህና ፈርመህ አንዱን መዝገብ ቤት አስገባ፣ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም አስመትተህ ይዘህ ውጣ። «በኢሜይል ልኬ አልነበር?» የሚለው ክርክር የሚመጣው ሁልጊዜ ከወር በኋላ፣ ሒሳብ በሚሠራበት ሰዓት ነው። በነገራችን ላይ ከሳይቱ ሆነህ አትላከው። ኔትወርክ ተቆራርጦ ሁለት ቀን በስልክህ ውስጥ ተቀምጦ የከረመ ኢሜይል አይቻለሁ፤ 30 ቀኑ ደግሞ የሚቆጠረው ደብዳቤው ከደረሰበት ማግስት ካለው የሥራ ቀን ጀምሮ ነው።

የሕጉን ነገር በሁለት ጥንቃቄ ልዝጋው። አንደኛ፣ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ጥሎ የሚሄድ ሠራተኛ እስከ 30 ቀን ደመወዙ የሚደርስ ካሳ ሊከፍል ይችላል፤ ስለዚህ አዲሱ ቀጣሪህ «በሳምንት ግባ» ቢልህ ቀኑን አስገፋው። ሁለተኛ፣ ድርጅቱ ሥልጠና ልኮህ «ይህን ያህል ጊዜ አገለግላለሁ» ብለህ ፈርመህ ከሆነ ውልህን አውጥተህ አንብብ፤ ያ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ይህ ሁሉ የግል አማካሪ ድርጅትን የሚመለከት ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ባልደረባ የሚተዳደረው በሌላ ሕግ ነው።

ኢሜይሉ ከመሄዱ በፊት ለቲም ሊደርህ ደውል፤ ከተቻለም ደብረ ማርቆስ ወጥተህ በአካል ንገረው። ደብዳቤው ለመዝገብ ነው፣ ወሬውን ግን ከአንተ አፍ ይስማው። ከኢንስፔክተሩ ወይም ከተቋራጩ ፎርማን የሰማ ቀን የርክክቡ ወር ይበላሽብሃል። ስትነግረው «ልለቅ እያሰብኩ ነው» አትበል፤ ውሳኔህን ከነቀኑ ንገረው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የሠራኸውን ሁሉ አትዘርዝር። ቡድን መሪ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ከተቀበልኳቸው የርክክብ ሰነዶች በጣም ወፍራሙ በጣም የማይረባው ነበር። ልጁ ታታሪ ነው፤ ከመጀመሪያው ቁፋሮ ጀምሮ የሆነውን ሁሉ በሠንጠረዥ አስቀምጦታል። ከሄደ በሦስተኛው ሳምንት ውሃ ያለበት ማጠራቀሚያ በርሜል ውስጥ ለጥንካሬ ምርመራ የተቀመጡ ዘጠኝ የኮንክሪት ኪዩቦች አገኘን። ላያቸው ላይ በጠመኔ የተጻፈው በውሃው ታጥቦ ሄዷል። የትኛው የየትኛው ሙሌት እንደሆነ፣ የትኛውስ ቀኑ እንዳለፈ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ያን ሁሉ ገጽ አገላብጬ ስለነዚያ ዘጠኝ ኪዩቦች አንድ መስመር አጣሁ፤ ልጁ ሰነዱን ሲጽፍ ገና በላብራቶሪ ተመርምረው አልተሰበሩምና «የተሠራ ሥራ» ውስጥ አልገቡም። የተሠራውን ከሳይት ቡክና ከወርሃዊ ሪፖርት ማግኘት ይቻላል። አንተ ስትሄድ አብሮህ የሚጠፋው ገና ያልደረሰው ነገር ነው፤ ዕቅዱም የሚጻፈው ለእሱ ነው።

በቀን እናስላው። ደብዳቤውን ሰኞ ጥር 18 ቀን 2018 ብታስገባ፣ ቆጠራው ማክሰኞ ጥር 19 ይጀምርና 30ኛው ቀን ረቡዕ የካቲት 18 ላይ ይውላል። ኮንክሪት ደግሞ በጥንካሬ የሚመዘነው በ28ኛው ቀኑ ነው። ከየካቲት 18 ወደ ኋላ 28 ቀን ብትቆጥር ጥር 20 ላይ ታርፋለህ። ልብ አድርግ፦ ከጥር 21 ጀምሮ የሚሞላ ኮንክሪት ሁሉ 28ኛ ቀኑ የሚደርሰው አንተ ከሄድክ በኋላ ነው። በማስጠንቀቂያ ወርህ ቆመህ የምታስሞላውን ከሞላ ጎደል በሙሉ፣ ውጤቱን አታየውም ማለት ነው። ለምሳሌ ጥር 14 የተሞላ የመሠረት ኮንክሪት ቢኖርህ፣ 28ኛ ቀኑ የካቲት 12 ስለሆነ ራስህ ወደ ላብራቶሪ ወስደህ ውጤቱን ታመጣለህ። ጥር 28 ሊሞላ የታቀደው የግድቡ አካል ግን የ7 ቀኑ የካቲት 5 ለአንተ፣ የ28 ቀኑ የካቲት 26 ለተተኪህ ይደርሳል። የ7 ቀን ውጤት እንደ ግምት የ28ቱን ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው፤ ከዚያ በጣም ዝቅ ብሎ ካገኘኸው ግን «28ኛው ይጠብቅ» ብለህ ሳትሄድ ለቲም ሊደርህ በጽሑፍ አሳውቅ።

እንግዲህ ለእያንዳንዱ ሙሌት አንድ መስመር ይበቃል፦ የተሞላበት ቦታና ቀን፣ የኮንክሪቱ ደረጃ፣ የኪዩቦቹ ቁጥር፣ 7ኛና 28ኛ ቀኑ፣ ያኔ ማን እንደሚወስደው። ኪዩቦቹ ላይ በጠመኔ ሳይሆን በማይታጠብ ቀለም ቀኑን ጻፍበት። ተተኪው በርሜሉ ዘንድ ቆሞ ወረቀቱንና ኪዩቡን አስተያይቶ «ሦስቱ እነዚህ ናቸው» ማለት ከቻለ፣ ያ ክፍል ተረክቧል።

ሁለተኛው ከአንተ ጋር የሚጠፋ ነገር የሚሸፈን ሥራ ነው። ኮንክሪት አንዴ ከተሞላ በኋላ ከሥሩ ምን ያህል እንደተቆፈረ ሊለካ አይችልም። እዚህ ላይ የቃል ትእዛዝ ሲጨመርበት ነገሩ ይከፋል። እንበልና ከግድቡ ሥር የሚገባው የውሃ ማገጃ ግድግዳ ቦይ በዲዛይኑ 18 ሜትር ርዝመት፣ 1.2 ሜትር ወርድ፣ 2 ሜትር ጥልቀት ነው። አፈሩ መጥፎ ሆኖ ተገኘና ቲም ሊደርህ በስልክ «ጠንካራው እስኪገኝ ውረዱ» አለ፤ ወረዳችሁ፣ ጥልቀቱ 2.6 ሆነ። ጭማሪው 18 በ1.2 በ0.6፣ ማለትም 12.96 ሜትር ኪዩብ ነው። ይህን የምታውቁት አንተ፣ ኢንስፔክተሩና የተቋራጩ ፎርማን ብቻ ናችሁ። አንተ ከሄድክ በኋላ ተቋራጩ 3 ሜትር ወርጃለሁ ብሎ 21.6 ሜትር ኪዩብ ቢጠይቅ የሚከራከረው ማን ነው? ልዩነቱ 8.64 ሜትር ኪዩብ ነው፤ ያው መጠን በቁፋሮም በኮንክሪትም ሁለቴ ይከፈላል። በተቃራኒውም ይሆናል፤ ትእዛዙ በሳይት ቡክ ስላልሰፈረ ተቋራጩ በእውነት የሠራውን ይከለከላል፣ ተተኪህም መረጃ ስለሌለው ብቻ ሰው ይበድላል።

የዚህ መድኃኒት ርክክቡን አይጠብቅም። በማስጠንቀቂያ ወርህ የመጀመሪያ ሳምንት ማስታወሻህንና ስልክህን አገላብጥና በቃል የተሰጡ፣ በጽሑፍ ግን ያልጸደቁ ትእዛዞችን ሰብስብ። ብዙ ጊዜ ከአምስት አይበልጡም። ለቲም ሊደርህ «በዚህ ቀን በስልክ ይህን አዝዘውኝ ነበር፣ ልኬቱ ይህ ነው፣ በጽሑፍ ያረጋግጡልኝ» ብለህ ላክ። በትሕትና ይሁን፤ ልትከሰው እንዳልሆነ ይወቅ። የልኬት ወረቀቱ ላይ የአንተም የተቋራጩም ወኪል ፊርማ ከሌለ፣ ፎርማኑ የተነጋገራችሁትን ሳይረሳ አሁን አስፈርመው። ያለፈን ልኬት ዛሬ ስታስፈርም ግን የዛሬን ቀን ጻፍ፤ «የተለካው በዚህ ቀን፣ የተፈረመው በዚህ ቀን» ይበል። ወደ ኋላ የተጻፈ ቀን ነገ ራስህ ላይ ይመጣል።

ከዚህ በኋላ ኢሜይሉ ራሱ ቀላል ነው። ሁለት ክፍል አድርገው፣ ሁለቱንም አታቀላቅል። የመጀመሪያው ክፍል የመልቀቅህ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ቀኑ አንዴ ከተጻፈ አይነካም። ሁለተኛው የርክክቡ ዕቅድ ነው፤ ቲም ሊደሩ እንደፈለገ ሊያስተካክለው ይችላል። «ርክክቡ እንዳለቀ እለቃለሁ» ወይም «ተተኪ እስኪመደብ እጠብቃለሁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ከገባበት ቀንህን ለሌላ ሰው አሳልፈህ ሰጥተሃል። ቅሬታ አትጨምርበት። እኔ ወጣት ሳለሁ የጻፍኩት የመጀመሪያ መልቀቂያ ሁለት ገጽ ተኩል ነበር፤ ያልተከፈለኝን የመስክ አበል ሳይቀር ዘርዝሬ ነበር። አበሉ አልተከፈለኝም፣ ደብዳቤው ግን ፋይሌ ውስጥ ቀረ። ያልተከፈለህ ገንዘብ ካለ በሌላ ደብዳቤ ለሰው ኃይል ጠይቅ። ምክንያትህን በአንድ ሐረግ መጥቀስ ይበቃል፤ የአዲሱን ቀጣሪ ስምና የደመወዙን መጠን ማንም አልጠየቀህም። ኢሜይሉ ራሱ የሚመዘግበው ቀን የፈረንጅ ስለሆነ ሁለቱንም አቆጣጠር ጻፍ። ቢሮአችሁ የሚጻጻፈው በእንግሊዝኛ ከሆነ በዚያው ጻፈው፤ ይዘቱ አይለወጥም።

ናሙናው ይኸውና፤ ቀኖቹን በራስህ ሳይት ቀይራቸው።

ርዕስ፦ ከሥራ ስለመልቀቅ የተሰጠ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያና የርክክብ ዕቅድ

ይድረስ ለኢንጂነር (ስም)፣ ቲም ሊደር
ግልባጭ፦ ለሰው ኃይል አስተዳደር

በስልክ እንደነገርኩዎት፣ ሌላ ሥራ በማግኘቴ ከጁኒየር ሳይት ኢንጂነርነት ሥራዬ በራሴ ፈቃድ እለቃለሁ። ይህ ደብዳቤ ዛሬ ሰኞ ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 2026) የሰጠሁት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ነው። የመጨረሻ የሥራ ቀኔ ረቡዕ የካቲት 18 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2026) ነው።

ከዚህ በታች ያለው የርክክብ ዕቅድ ለእርስዎ አስተያየት የቀረበ ነው፤ ቅደም ተከተሉን እንዳመቸዎት ሊያስተካክሉት ይችላሉ።

የጥር 14ቱን ሙሌት የ28 ቀን ኪዩብ የካቲት 12 ወስጄ አስመረምራለሁ። ጥር 28 ለሚሞላው የ7 ቀኑን የካቲት 5 እኔ እወስዳለሁ፤ የ28 ቀኑ የካቲት 26 ስለሚደርስ የሚወስደው ሰው እንዲመደብ እጠይቃለሁ። እስከ መጨረሻ ቀኔ የሚሞሉትን ሁሉ በዚሁ ዓይነት በአንድ ገጽ መዝግቤ አስረክባለሁ።

የክፍያ ጥያቄ ቁጥር 4 ልኬት እስከ ዓርብ የካቲት 6 አጣርቼ ከነቴክኦፍ የመጠን ስሌቱ እልክልዎታለሁ። ከዚያ ወዲህ ያለው ልኬት ተተኪው ባለበት ይለካል።

የማገጃ ቦዩ ጥልቀት ከ2 ወደ 2.6 ሜትር እንዲወርድ በስልክ የሰጡኝን ትእዛዝ ጨምሮ፣ በጽሑፍ ያልተረጋገጡ ትእዛዞችን ዝርዝር ከነልኬታቸውና ከነፎቶአቸው በዚህ ሳምንት እልክልዎታለሁ፤ በጽሑፍ እንዲያረጋግጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ሥራውን የሚረከበኝ ሰው እስከ ሰኞ የካቲት 2 ቢመደብ፣ ረቡዕ የካቲት 11 ሳይቱን አብረን እንዞራለን፤ የከፍታ ምልክቶቹን ቦታ በአካል አሳየዋለሁ። ከየካቲት 13 ጀምሮ የዕለት ቁጥጥሩን እሱ ይሠራል፣ እኔ አጠገቡ እሆናለሁ። ሰው ካልተመደበ ሰነዶቹን የካቲት 17 ለእርስዎ ወይም እርስዎ ለሚወክሉት ሰው በፊርማ አስረክባለሁ።

በስሜ የወጡትን ሌቭል፣ ስታፍ፣ ሞተር ብስክሌትና የሳይት ቢሮ ቁልፍ የካቲት 17 ለንብረት ክፍል እመልሳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
(ሙሉ ስም፣ ፊርማ)

ናሙናው ውስጥ የከፍታ ምልክቶቹን «በአካል አሳየዋለሁ» ያልኩት ያለምክንያት አይደለም። የከፍታ መለኪያው የሌቭል መነሻ የሆነችው ሚስማር ወይም በቀለም የተቀባች ድንጋይ በካርታ ላይ ነጥብ ናት፤ ሳይቱ ላይ ግን ሣር ውስጥ ናት። ካንተ በቀር ያለችበትን የሚያውቀው የተቋራጩ ሰርቬየር ብቻ ከሆነ፣ የአማካሪው ተቆጣጣሪ ከፍታውን የሚያረጋግጠው ከሚቆጣጠረው ሰው ተቀብሎ ሆነ ማለት ነው። ሌቭሉን ይዛችሁ ውጡ፣ ከአንዷ ምልክት ወደ ሌላዋ ተተኪው ራሱ ያንብብ፣ የመዘገብከው ቁጥር ከወጣለት ይፈርም። ካልወጣለት ምልክቷ ተነክታለች፤ አንተ እያለህ መታወቁ ጥሩ ነው።

ሰው ሳይመደብልህ መቅረቱ በጣም የተለመደ ነው። አትደናገጥ። ተተኪ መመደብ የእነሱ ሥራ ነው፤ የአንተ ሥራ ሰው ቢመጣ የሚረከበው ነገር መኖሩ ነው። ስለዚህ ዕቅዱን ሁልጊዜ «ካልተመደበ» በሚል አማራጭ ጻፈው፣ ናሙናው ላይ እንዳለው። ቲም ሊደሩ «እስከ ሚያዝያ ቆይልን» ካለህና አንተም ፈቃደኛ ከሆንክ ችግር የለውም፤ ግን አዲሱ ቀን በጽሑፍ ይሁን። በስልክ «እሺ» ብለህ የካቲት 19 ሥራ ላይ ከተገኘህ፣ ማስጠንቀቂያህ ጸንቷል ወይስ ተሽሯል የሚል ክርክር በራስህ ላይ ከፈትክ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልከልክልህ። የመጨረሻው ሳምንት ላይ ተቋራጩ ወይም የራስህ ባልደረባ «ሥራ እንዳይቆም ጥቂት የፍተሻ ቅጾች ላይ ፈርመህልን ሂድ» ይልሃል። በቅንነት ነው የሚሉህ፤ ተተኪ ከሌለ ፌሮ አይቶ «ሙሉ» የሚል ሰው እንደማይኖር ያውቃሉ። ባዶ ቅጽ ላይ የፈረምከው ስም ግን አንተ ባሕር ዳር ቢሮህ ተቀምጠህ ሳለ፣ ያላየኸውን ፌሮ «አይቻለሁ» እያለ ይቀራል። አንድም እንዳትፈርም። «ሥራ ይቆማል» ካሉህ ሰው እንዲመደብ ለቲም ሊደሩ በጽሑፍ አስታውስ፤ ይኸው ኢሜይልህ የሚያስፈልገው ለዚህም ነው። በተረፈ በስልክህ ያሉትን የሳይት ፎቶዎች ቀናቸው ሳይጠፋ በፋይልነት ለቢሮው አስረክብ። በቴሌግራም ዝም ብሎ የተላከ ፎቶ መጠኑ ስለሚቀነስ መለኪያ ዘንጉ፣ ስታፉ፣ ላይ ያለው ቁጥር ላይነበብ ይችላል፤ አንድ ሰው ቦዩ ውስጥ ስታፍ ይዞ የቆመበት ፎቶ ደግሞ ቁጥሩ ካልተነበበ ምንም አያስረዳም።

የንብረቱን ነገር በመጨረሻው ቀን አትተወው። ውል ሲቋረጥ አሠሪው የሠራተኛውን ደመወዝና ሌላ ተገቢ ክፍያ፣ ያልወሰድከውን የዓመት ዕረፍት ጨምሮ፣ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መክፈል አለበት። ሠራተኛው በራሱ ጥፋት ንብረት ወይም ገንዘብ ሳይመልስ ካዘገየ ግን ጊዜው ሊራዘም ይችላል። የጠፋች የሳይት ቢሮ ቁልፍ ሳምንታት ስታስቆጥር አይቻለሁ። የካቲት 17 ብዬ አንድ ቀን ያስቀረሁልህ ለዚህ ነው፤ የንብረት ክፍሉ ሰው መስክ ወጥቶ ቢሆን ረቡዕን ታገኛለህ። የተመላሽ ወረቀቱን ቅጂ ያዝ። አዲሱ ቀጣሪህ «መልቀቂያ አምጣ» የሚልህ ወረቀትም የሥራ ልምድ ማስረጃ ነው፤ የሠራኸውን ሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንህንና ደመወዝህን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው፤ ስለዚህ በክሊራንሱ ቀን አብረህ ጠይቅ።

ቁርጡን ልንገርህ፦ ቅዳሜ ወይም እሑድ ለቲም ሊደርህ ደውል፣ ሰኞ ጠዋት ደብረ ማርቆስ ሄደህ ኢሜይሉን ከዚያ ላክ፣ የታተመውን በዚያው ዕለት መዝገብ ቤት አስገባ። ከሰዓት ወደ ሳይት ስትመለስ ቀጥታ ወደ በርሜሉ ሂድና ኪዩቦቹን አውጥተህ ቁጥራቸውንና ቀናቸውን በማይታጠብ ቀለም ጻፍ።